ጀማሪ የጥገና መሐንዲስ በኮምቦልቻ መካሪ እንዴት ያገኛል? ከመጀመሪያው መልእክት እስከ ሦስተኛው ቀጠሮ

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ከምህንድስና ትምህርት ተመርቀው በኮምቦልቻ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የጥገና ክፍል ለተቀጠሩና ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ለሠሩ ጀማሪዎች ነው። መካሪ ስል፣ በተለምዶ ሜንተር የሚባለውን፣ አለቃ ያልሆነ ነገር ግን በሙያው የቀደመና በየተወሰነ ጊዜ እየተገናኘ ሥራዎን አብሮዎት የሚመለከት ሰው ማለቴ ነው። የጥገና ዕውቀት አብዛኛው በጽሑፍ አይገኝም። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ በርካታ ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል፤ እኔ በነበርኩበት ክፍልም ከመለዋወጫው ጋር የማሽኖቹ መመሪያና የብልሽት መዝገቡ አብረው ጠፉ። ስለዚህ አንድ ማሽን ከ10 ዓመት በፊት ለምን እንደቆመና በምን እንደተነሣ ዛሬ የሚያውቀው ያን ጊዜ የጠገነው ሰው ብቻ ነው።

እኔ ራሴ ጀማሪ ሳለሁ ወደ አንድ አንጋፋ መሐንዲስ ቢሮ ገብቼ “መካሪ ይሁኑኝ” ብዬ ጠይቄ ነበር። ሰውየው በአክብሮት ተቀብለው “እናያለን” አሉኝ፤ ከዚያ በኋላም ምንም አልታየም። ዛሬ ጥያቄው ወደ እኔ ሲመጣ ምክንያቱን እረዳለሁ። “መካሪ ይሁኑኝ” የሚለው ጥያቄ መጠንም ማብቂያም የለውም፤ የተጠየቀው ሰው ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድበትና ምን ሠርቶ እንደሚወጣው አያውቅም። ከእኔ ጋር ለረጅም ጊዜ የቆዩት ወጣቶች ሁሉ የመጡት በሌላ መንገድ ነው፤ አንድ የተወሰነ ችግር ይዘው፣ ለአንድ የተወሰነ ሰዓት።

ከሰው በፊት ጉዳዩን መለየት

አንድ ደብተር ይያዙና ባለፉት ሁለት ወራት የሌላ ሰው እጅ የጠበቁባቸውን ሥራዎች በሙሉ ይጻፉ። ለእያንዳንዱ የማሽኑን ስም፣ እርስዎ የሠሩትንና የቆሙበትን ቦታ ማስፈር ይበቃል። ዝርዝሩ አሥር ያህል ሲሆን አንድ ነገር ተደጋግሞ መታየት ይጀምራል። ከዚህ በታች ታሪኳን የምጠቅሳት ወጣት የመካኒካል መሐንዲስ ስትጽፍ 11 ሥራ አገኘች፤ ከእነሱ ስድስቱ ኩሽኔታና ቺንጋ የነካኩ ነበሩ። ከዚህ ተነሥታ የጻፈችው ዓረፍተ ነገር “ኩሽኔታ ሲበላ መቀየር እችላለሁ፤ ለምን እንደተበላ ግን ማወቅ አልችልም” የሚል ነበር።

ሰው ሊረዳው የሚችል ጥያቄ እንዲህ ያለ ነው። “በሙያዬ ማደግ እፈልጋለሁ” የሚል ሰው መጥቶ ሲቀመጥ ግን ንግግሩ ወደ አጠቃላይ ምክር ይሄዳል፤ ከሻዩ ጋርም ያልቃል። ዝርዝሩ ምንም የሚደጋገም ነገር ካላሳየ ወይም ሁሉም ሥራ በመለዋወጫ እጦት የቆመ ከሆነ፣ ያጋጠመዎት ችግር በመካሪ የሚፈታ አይደለምና በቅድሚያ ከክፍል ኃላፊዎ ጋር መነጋገር ይሻላል።

ሰውን የት እንደሚፈልጉ

ሰው ለመፈለግ ሥልጣን ያላቸውን ሰዎች ስም ከመዘርዘር መጀመር የተለመደ ስሕተት ነው። እኔ የምመክረው ሁለት ቦታ መጠየቅን ነው። የመጀመሪያው የመለዋወጫ ስቶር ነው። የስቶር ኃላፊው ማን ቁጥሩን በትክክል ጽፎ ዕቃ እንደሚያወጣ፣ ማን ደግሞ ሦስት ጊዜ ወስዶ ሦስት ጊዜ እንደሚመልስ ከማንም በላይ ያውቃል። ሁለተኛው በከተማው ያሉት ቶርኖ ቤቶች ናቸው። ሻፍት የሚያስጠርቡ፣ ፑሌጃ የሚያስሠሩ ሰዎች ከየፋብሪካው የሚመጡት ወደ እነሱ ነው፤ ልኩን በሚገባ ለክቶ፣ የሚፈቀደውን ልዩነት ጽፎ የሚመጣውን ሰው ባለሙያዎቹ በስሙ ይጠሩታል። በሁለቱም ቦታ “ማሽን ሌሊት ሲቆም የሚደወለው ለማን ነው?” ብለው ቢጠይቁ ሦስት ወይም አራት ስም ያገኛሉ። ተመርቀው ከወጡ ብዙ ካልቆዩና የተማሩት እዚሁ በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከሆነ፣ የተግባር ልምምድዎን የተቆጣጠሩት መምህርም ጥሩ በር ናቸው።

የቅርብ አለቃዎን ግን መካሪ አድርገው አይምረጡ። የሥራ አፈጻጸምዎን የሚሞላው እሱ ስለሆነ፣ የማያውቁትን ነገር በፊቱ መግለጥ ይከብድዎታል፤ የመካሪ ጥቅሙ ደግሞ ያልገባዎትን ያለ ፍርሃት ማሳየት መቻልዎ ላይ ነው። በልምድም ከእርስዎ ከ8 እስከ 15 ዓመት የሚቀድም ሰው ይሻላል ባይ ነኝ። 30 ዓመት የሠሩት ታላላቆቻችን ዕውቀታቸው ሰፊ ነው፤ ሆኖም በጀማሪነታቸው ምን ይከብዳቸው እንደነበር ብዙዎቹ ረስተውታል።

ስሞቹን ካገኙ በኋላ፣ በሥራ ላይ ሊያዩዋቸው ከቻሉ አንድ ምልክት ብቻ ይመልከቱ። ሰውየው ጠባብ ቦታ ገብቶ ሲጠግን ቺያቬውን ለጀማሪው ሰጥቶ ዳር ይቆማል ወይስ ሁሉንም ራሱ ይፈታል? እጁ የፈጠነ ባለሙያ ሁሉ አስተማሪ አይደለም። ሁለተኛውን ዓይነት ሰው ከመረጡ አስደናቂ ሥራ ያያሉ እንጂ ሥራው በእጅዎ አይገባም።

መቅረብ

በእኛ አገር ሰው ወደ ሰው የሚደርሰው በሰው ነው፤ በዚህ ጉዳይም እንዲሁ ቢሆን መልካም ነው። ስሙን የሰጠዎትን ሰው “እከሌ ይደውልልዎታል ብለው ቢነግሩልኝ” ብለው ይለምኑት። ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ መልእክት ይላኩ። ከላይ የጠቀስኳት ወጣት ለእኔ የላከችው መልእክት፣ ስሞቹ ወጥተው፣ ይህን ይመስል ነበር፦

“ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? እከሊት እባላለሁ፤ በጥገና ክፍል ሥራ ከጀመርኩ 14 ወር ሆኖኛል። ስልክዎን የሰጡኝ የቶርኖ ቤቱ ባለቤት ናቸው። አንድ የአየር ማውጫ ፋን ሞተር አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ሦስት ኩሽኔታ በልቶብኛል፤ ምክንያቱን ላገኘው አልቻልኩም። የሆነውን በአንድ ገጽ ጽፌዋለሁ። ቅዳሜ ወይም እሑድ በሚመችዎ ሰዓት ለ45 ደቂቃ ላሳይዎት እችላለሁ? የማይመችዎ ከሆነም ምንም አይደለም፤ አመሰግናለሁ።”

ይህ መልእክት የሚጠይቀው 45 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ እሺ ለማለት ቀላል ነው፤ እምቢ ለማለትም በሩን ክፍት ትቷል። ከሁሉ በላይ ግን እኔን የሳበኝ “ሦስት ኩሽኔታ” የሚለው ነው። በሙያው የቆየ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ምክንያቱን ማሰብ የሚጀምረው ገና መልእክቱን አንብቦ ሳይጨርስ ነው።

ሰዓቱንም ይምረጡ። በፈረቃ መለወጫ ላይ፣ ዓርብ በጁምዓ ሶላት ሰዓት፣ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን በሚኬድበት ጊዜ አይደውሉ። በረመዳን ወይም በዐቢይ ጾም ወቅት ቀጠሮውን ምሳ ላይ ማድረግም አይገባም። መልስ ካልመጣ አንድ ሳምንት ቆይተው አንድ ጊዜ ብቻ ያስታውሱ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሁለተኛው ስም ይሂዱ። በእኛ ዘንድ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ስለሚመስል “እናያለን”፣ “ኢንሻአላህ እንገናኛለን” የሚሉ መልሶች ሁለት ትርጉም አላቸው፤ የሚለዩትም በቀኑ ነው። በእርግጥ የፈቀደ ሰው ቀን ወይም ሰዓት ይጠራል፤ ያልጠራውን በትሕትና መተው ይገባል፣ ቅሬታም መያዝ አያስፈልግም።

የቀጠሮው ቦታ ሰው የሚገባበት የሚወጣበት ሻይ ቤት ወይም የሥራ ቦታ ይሁን። በተለይ ወጣት ሴቶች በዚህ በኩል ምቾት የማይሰጥ ቦታ ሲጠቀስላቸው ሌላ ቦታ ለመጥራት ማፈር የለባቸውም፤ ቁም ነገር ያለው መካሪ ይህን ሳይነገረው ይረዳል። መኖሪያዎ ደሴ ሆኖ ሰውየው ኮምቦልቻ ከሆነ፣ በሐረጎ በኩል የሚወርዱት እርስዎ ነዎት እንጂ እሱ መውጣት የለበትም።

ለመጀመሪያው ቀጠሮ የሚዘጋጀው አንድ ገጽ

ገጹ ከአንድ አይብለጥ። ከላይ ማሽኑ ምን እንደሆነና በሞተሩ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ የተጻፈው ይቀመጣል፤ ቀጥሎ የሆነው ነገር በየቀኑ ተራ፤ ቀጥሎ እርስዎ የሠሩት፤ ቀጥሎ ምክንያቱ ምን ይመስለኛል የሚለውና ለምን እንደመሰለዎት፤ በመጨረሻ አንድ ጥያቄ። አራተኛውን ክፍል ብዙዎች ስሕተት እንዳይሆንባቸው ፈርተው ይተዉታል። እኔ ግን መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው፤ ሰውየው እንዴት እንደሚያስብ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

መካሪው የሌላ ፋብሪካ ሠራተኛ ከሆነ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የምርት መጠን፣ ዋጋ፣ የደንበኛ ስምና የማምረቻ መስመሩ ፎቶ ከገጹ ይውጣ። ለአንድ ኩሽኔታ ችግር አንዳቸውም አያስፈልጉም። ፋብሪካዎ ፎቶ ማንሣት የሚከለክል ከሆነ ሞተሩን፣ ሁለቱን ፑሌጃዎችና ቺንጋውን በእጅ ሥለው ልኩን በላዩ ይጻፉ፤ የእጅ ሥዕል ደግሞ ሠዓሊው ምን እንዳስተዋለና ምን እንዳላስተዋለ ያሳያል።

የወጣቷ ገጽ ሞተሩ 7.5 ኪሎ ዋት፣ በደቂቃ 1,450 ዙር የሚዞር መሆኑን ይናገራል። ኩሽኔታው ጥቅምት 3፣ ታኅሣሥ 11 እና የካቲት 24 ቀን ተቀይሯል። በምክንያቱ ቦታ “ገበያ ላይ ያለው ኩሽኔታ ጥራት የለውም ብዬ አስባለሁ፤ በፊት የነበረው ከዓመት በላይ ቆይቷልና” ብላ ጽፋ ነበር። ግምቷ ሊሆን የማይችል አልነበረም፤ አስመስሎ የተሠራ ኩሽኔታ በገበያ አለ። ነገር ግን ሦስት ጥያቄ ጠየቅኳት። የተበላው በየትኛው ወገን ያለው ነው? አሮጌዎቹ የት አሉ? ቺንጋውን ማን ወጠረው፣ በምን ለክቶ? መልሷ፦ ሦስቱም ጊዜ በፑሌጃው ወገን፤ አሮጌዎቹ ተጥለዋል፤ ቺንጋው በእጅ ግምት።

እዚህ ላይ ለጀማሪዎች የምናገረው አለ። መካሪው መልሱን የሚያውቅ መስሎዎት ካልነገረዎት አይከፉ። እኔ በዚያች ሰዓት የጠረጠርኩት ነገር ነበረ፤ ብነግራት ግን ቺንጋውን አላልታ ትመለሳለች እንጂ ቀጣዩን ኩሽኔታ ራሷ አታነበውም። ስለዚህ ለሚቀጥለው ቀጠሮ አንድ የተበላ ኩሽኔታ ፈልጋ እንድታመጣና የቺንጋውን ውጥረት እንድትለካ ብቻ ነገርኳት።

በቀጠሮው ላይ ከመጀመሪያው ሰላምታ በኋላ ገጹን ሰጥተው ዝም ብለው እንዲያነብ ይተዉት፤ የጻፉትን መልሰው በቃል አይተርኩለት። የተጠየቁትን ጥያቄ እንዳለ ይጻፉ፤ ከመልሱ ይልቅ ጥያቄው ነው በሌላ ማሽን ላይ የሚጠቅመዎት። የጠየቁት 45 ደቂቃ ሲሞላ እርስዎ ያስታውሱ፤ ሰውየው መቀጠል ከፈለገ ራሱ ይናገራል። ሻዩን ለመክፈል ይነሡ፤ በወሎ ግን ታላቅ ሰው እንግዳውን አያስከፍልምና አጥብቆ ከከለከለዎት ብዙ አይታገሉ። በሁለት ቀን ውስጥ “እንዲህ እንድሠራ ተስማምተናል፤ እስከዚህ ቀን አደርሳለሁ” የሚል አጭር መልእክት ይላኩ። ይህ ከምስጋና ይልቅ የሰሙትን በትክክል መስማትዎን ለማረጋገጥ ይጠቅማል።

ሁለተኛው ቀጠሮ

ሁለተኛው ቀጠሮ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይሁን፤ ከወር ካለፈ ነገሩ ይቀዘቅዛል። የተሰጠዎትን ሥራ ሳይጨርሱ ቀኑ ከደረሰ፣ አስቀድመው ደውለው የት እንደደረሱ ይናገሩና ቀጠሮውን ያስተላልፉ። ምንም ሳይዙ መቅረብ ብዙ ግንኙነት የሚቋረጥበት ምክንያት ነው፤ መካሪው አይቆጣም፣ በሚቀጥለው ጊዜ ግን አይመቸውም።

ወጣቷ የመጨረሻውን ኩሽኔታ ከቁርጥራጭ ብረት ሳጥን ውስጥ አግኝታ፣ ቶርኖ ቤት ውጨኛውን ቀለበት አስቆርጣ፣ በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። ግራሶውን ጠርገን ወደ ብርሃን አዞርነው። የኳሶቹ መሄጃ በቀለበቱ ዙሪያ እኩል አልተበላም፤ በአንድ ወገን ብቻ ተልጦ ጎድጉዷል፣ በተቃራኒው ወገን ደግሞ አዲስ ይመስላል። ኩሽኔታው ሲገባ በመዶሻ ተመትቶ ቢሆን ኖሮ በኳሶቹ መካከል ባለው ርቀት ልክ የተሰለፉ ትንንሽ ጠባሳዎች እናይ ነበር፤ አልነበሩም። በቆመው ውጨኛ ቀለበት ላይ በአንድ ወገን የበረታ መበላት ግን ሞተሩን አንድ ኃይል ሳያቋርጥ ወደዚያ ወገን እንደሳበው ይናገራል፤ እዚያ ወገን ያለው ደግሞ ቺንጋው ነው።

ልኩም ይህንኑ አረጋገጠ። በተለመደው መመዘኛ ቺንጋው በሁለቱ ፑሌጃዎች መካከል፣ አምራቹ በሠንጠረዡ በሚሰጠው ኃይል መሐሉ ላይ ሲሳብ፣ ለእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ወደ 16 ሚሊ ሜትር ይረግባል። የእሷ 64 ሴንቲ ሜትር ነበርና 10 ሚሊ ሜትር ያህል መርገብ ነበረበት። በመንጠቆ ሚዛን ስባ ስትለካው የረገበው 4 ብቻ ነው። ቺንጋው ከመጠን በላይ ተወጥሯል ማለት ነው፤ ጥራት የሌለው ኩሽኔታ ያለችውን ግምቷንም ራሷ ከገጹ ላይ ሰረዘችው።

ያን ዕለት ደስ ብሏት ልትነሣ ስትል አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፦ “ወጣሪው ለምን ይህን ያህል ወጠረው?”

ሦስተኛው ቀጠሮና ስምምነቱ

መልሱን ይዛ የመጣችው ፈረቃ ላይ ያሉትን ቴክኒሻኖች ጠይቃ ነው። ፋኑ ሲነሣ ቺንጋው ይጮኻል፤ በጮኸ ቁጥርም ይወጥሩታል። ቺንጋውን አውጥታ ፑሌጃውን ስታየው የቦዩ ታች እንደ መስታወት ያበራል። ቺንጋ ፑሌጃን መያዝ ያለበት በሁለቱ ጎኖቹ ነው፤ የቦዩ ታች ካበራ የቦዩ ጎኖች ተበልተው ቺንጋው ወርዶ ታች ተቀምጧል፣ ስለዚህ ይንሸራተታል፣ ይጮኻል፣ ይወጠራል፣ ኩሽኔታውም ይበላል። መቀየር የነበረበት ፑሌጃው ነበር። ይህን በአንድ ገጽ አድርጋ ለክፍል ኃላፊዋ ያቀረበችው በራሷ ስም ነው፤ የእኔ ስም እንዳይነሣ ተነጋግረን ነበር። ከሌላ ፋብሪካ ሰው ተመክሮ መጣ የሚባል ሐሳብ አለቃን ያስቀይማል፤ ሥራውን የሠራችውም እሷ ናት።

መደበኛ ግንኙነት ለመጠየቅ ትክክለኛው ጊዜ ይህ ሦስተኛ ቀጠሮ ነው። አሁን ሁለታችሁም ምን እንደሚመስል አይታችሁታል። ጥያቄው አሁንም መጠን ይኑረው፦ “በየሦስት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ ለስድስት ወር፣ አንድ ሰዓት ቢሰጡኝ፤ በየጊዜው አንድ ገጽ ይዤ እመጣለሁ።” በዚህ ወቅት ሥራ እንዲያስቀጥርዎት፣ ብድር ወይም የድጋፍ ደብዳቤ መጠየቅ ግንኙነቱን ወደ ሌላ ነገር ይለውጠዋል። ማሽን ቆሞ ሳለ እየደወሉ “አሁን ምን ላድርግ?” ማለትንም አልደግፍም፤ በስልክ የሚሰጥ መመሪያ ማሽኑን ላላየ ሰው ግምት ነው፣ ኤሌክትሪክና የሚዞር አካል ባለበት ደግሞ አደጋ አለው። እንዲህ ያለው ጥሪ የፈረቃዎ ኃላፊ ድርሻ ነው።

ግንኙነቱ መላላቱን የሚያውቁት በደብተርዎ ነው። በሁለት ተከታታይ ቀጠሮ የጻፉት የሰውየውን የድሮ ታሪክ ብቻ ከሆነና የሚሠራ ነገር ይዘው ካልተመለሱ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ገጽ ሳይዙ መሄድዎ ነው። ገጽ ይዘው ሄደውም ካልተለወጠ፣ ቀጠሮውን በየሁለት ወሩ አድርገው አክብሮቱን ይጠብቁና ለጉዳዩ ሁለተኛውን ስም ይፈልጉ።

ስድስት ወሩ ሲሞላ መጀመሪያ የሠሩትን የሁለት ወር ዝርዝር እንደገና ይሥሩ። የወጣቷ ሁለተኛ ዝርዝር ዘጠኝ ሥራ ነበረው፤ ኩሽኔታና ቺንጋ የነካው አንድ ብቻ ሲሆን አራቱ የሞተር መቆጣጠሪያ ቦርድ ላይ የቆሙ ነበሩ። ያ የእኔ ሙያ ስላልሆነ የአንድ ኤሌክትሪክ ባለሙያ ስልክ ሰጠኋት፤ ከመደወሏ በፊትም እንደምትደውልለት ነገርኩት።